ጥቆማ፦ በዋይፋይ ብቻ፣ የመረጥኩትን ፎልደር ብቻ ወደ ስልኬ የሚያወርድልኝ ምን አለ?

ሰላማዊት፣ ሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የማስተምርበት ነገር ሁሉ ጎግል ድራይቭ ላይ ነው ያለው። የቤተ ሙከራ ቪዲዮዎቹ 9 ጊጋ ገደማ ይሆናሉ። የተማሪዎች ሥራ ፎቶ 3 ጊጋ ነው። ማስታወሻና የቆዩ ፈተናዎች ደግሞ 400 ሜጋ። ስልኬ ላይ የምፈልገው ይህን የመጨረሻውን ፎልደር ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ባይኖርም እንዲከፈትልኝ እፈልጋለሁ። ላፕቶፕ ላይ ሳስተካክለው ስልኩም ላይ ይስተካከልልኝ። የሞባይል ዳታዬን ግን እንዳይነካ። ስልኬ አንድሮይድ ነው። በነጻ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም።

ኪሩቤል
ምንም አፕ አያስፈልግሽም። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ሴቨር አብሪ፣ አለቀ። እኔ ካበራሁት ወዲህ ጥቅሌ ወሩን ይደርሳል።

ጋሽ ተፈራ
የእኔም ችግር ይኸው ነው ልጆቼ። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ሲላክ ቴሌግራሙ ሳልነካው ያወርደዋል። ጥቅሉ በሳምንቱ ያልቃል። የቱን ፎልደር ልዝጋ?

ዮናስ፣ አዲስ አበባ
ጋሽ ተፈራ፣ የእርስዎ በጣም ቀላል ነው። ፎልደር መዝጋት አያስፈልግም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ Data and Storage የሚል አለ። እዚያ ሲገቡ የሞባይል ዳታን ለብቻው፣ ዋይፋይን ለብቻው ያገኟቸዋል። የሞባይል ዳታውን ያጥፉት። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ የሚወርደው እርስዎ ሲነኩት ብቻ ነው።

ሰላማዊት፣ ኪሩቤል ያለው ግማሹ ልክ ነው። ዳታ ሴቨር አፖች ከጀርባ ሆነው የሞባይል ዳታ እንዳይበሉ ይከለክላል። የትኛው ፎልደር ይውረድ የሚለውን ግን አያውቅም። አንቺ የጠየቅሽው ሁለቱንም ነው።

የጎግል ድራይቭ የራሱ አፕ በዋይፋይ ብቻ እንዲያስተላልፍ የሚያደርግ ማብሪያ ሴቲንጉ ውስጥ አለው። ችግሩ ሌላ ነው። አንድሮይድ ላይ ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት የምታደርጊው ፋይል በፋይል እንጂ ፎልደሩን በሙሉ አይደለም። ነገ አዲስ ፈተና ፎልደሩ ውስጥ ብትጨምሪ እሱንም ሄደሽ ምልክት ማድረግ አለብሽ። ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ ሙሉ ፎልደር ያወርዳሉ፣ ግን ለሚከፍል ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ተያቸው።

የሚቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው FolderSync ነው። ማስታወቂያ ያለበት ነጻ አፕ ነው። ከድራይቭሽ ጋር ታገናኚውና ይህ ፎልደር ወደዚህ የስልክ ፎልደር ይውረድ ትይዋለሽ። ሞባይል ዳታን ትከለክይዋለሽ፤ የምትፈቅጂለትን ዋይፋይም በስሙ ትጽፊለታለሽ። ሁለተኛው Syncthing-Fork ነው። እሱ ክላውድ የለውም፣ ላፕቶፕሽንና ስልክሽን በቀጥታ ያገናኛል። ዋናው የሲንክቲንግ የአንድሮይድ አፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስለቆመ ፎርኩን ነው የምትፈልጊው።

ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ዋይፋይ የምትይው የቱን ነው?

ሰላማዊት
ቤት ያለውን። ሲም የሚገባበት ትንሽ ሮውተር ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ የፋይበር መስመር አለ፣ ግን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የምጠቀመው።

ዮናስ
በቃ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ስልክሽ ዋይፋይ መሆኑን እንጂ ከዋይፋዩ ጀርባ ሲም መኖሩን አያይም። «በዋይፋይ ብቻ» ብለሽ ድራይቭን ብትለቂው በደስታ የሮውተሩን ጥቅል ይጨርሰዋል። ማይፋይም እንዲሁ ነው። የሰው ሆትስፖት ላይ አንድሮይድ ብዙ ጊዜ ራሱ ያውቃል፤ ሮውተር ላይ ግን አትመኚው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ስልክሽ ላይ የቤቱን ዋይፋይ ስም ተጭነሽ ዝርዝሩን ክፈቺ። Metered ወይም Network usage የሚል ቦታ ታገኛለሽ። Treat as metered አድርጊው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ያንን ዋይፋይ እንደ ሞባይል ዳታ ይቆጥረዋል። የኪሩቤል ዳታ ሴቨርም ቤት ውስጥ የሚሠራው ያኔ ነው።

ላንቺ የምመርጠው ሲንክቲንግን ነው። ምክንያቱም ላፕቶፕሽና ስልክሽ ቤት ውስጥ አንድ ሮውተር ላይ ካሉ ፋይሉ ከላፕቶፕ ወደ ሮውተር፣ ከሮውተር ወደ ስልክ ነው የሚሄደው። ኢንተርኔት አይወጣም። 400 ሜጋው በሙሉ ቢተላለፍ ከሲሙ ጥቅል አይቀነስም። ይህ እንዲረጋገጥ ላፕቶፑ ላይም ስልኩ ላይም Global Discovery እና Relaying የሚሉትን አጥፊ። አለዚያ ሁለቱ ሲራራቁ በኢንተርኔት ሊፈላለጉ ይችላሉ። የቤቱን ዋይፋይ metered ስላደረግሽው ደግሞ ስልኩ ላይ ባለው አፕ metered ዋይፋይ ላይም እንዲሠራ ፍቀጂለት፤ ካልፈቀድሽለት ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የማስታወሻውን ፎልደር ብቻ ለስልኩ አጋሪ። ቪዲዮውንና ፎቶውን ካላጋራሽ ስልኩ መኖራቸውንም አያውቅም። ላፕቶፑ ላይ Send Only፣ ስልኩ ላይ Receive Only አድርጊ። እንዲህ ከሆነ ስልክሽ ላይ በስህተት የሰረዝሽው ላፕቶፑ ላይ አይጠፋም። ማስታወሻው መሀል የተሰገሰገ ቪዲዮ ካለ፣ ስልኩ ላይ Ignore Patterns ውስጥ ይህን ጻፊ፦

```
(?i)*.mp4
```

ሐና፣ ባሕር ዳር
ዮናስ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን FolderSyncን ነው የምመርጠው። ሲንክቲንግ ላፕቶፑም ስልኩም በአንድ ጊዜ ካልበሩ ምንም አያደርግም። መብራት ሲሄድና ላፕቶፑ ባትሪ ሲጨርስ እዚያው ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ሰላማዊት ትምህርት ቤት ፋይበር ስላላት የትምህርት ቤቱን ዋይፋይ ስም ብቻ ብትፈቅድለት ከሰዓት በኋላ ከድራይቭ ራሱ ይወርድላታል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። አፑ የዋይፋዩን ስም እንዲያነብ አንድሮይድ ሎኬሽን እንዲበራና እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። ሎኬሽን ከጠፋ ዋይፋዩ ቢኖርም ሲንኩ አይነሳም፤ ሰው ደግሞ አፑ ተበላሸ ይላል። ሁለተኛው አቅጣጫው ነው። ከድራይቭ ወደ ስልክ ብቻ አድርጊው። በሁለቱም አቅጣጫ ከሆነና መሰረዝንም እንዲያስተላልፍ ከተፈቀደለት፣ ቦታ ለማስለቀቅ ስልክሽ ላይ የሰረዝሽው ድራይቭ ላይም ይሰረዛል።

ኪሩቤል
የሮውተሩን ነገር አላሰብኩትም ነበር። የእኔ ቤት ፋይበር ስለሆነ ነው ለካ። ግን አንድ ጥያቄ፣ ማስታወሻዎቹ ጎግል ዶክስ ላይ የተጻፉ ከሆኑስ?

ዮናስ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎግል ዶክስ ላይ የተጻፈ ነገር ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ፋይል .gdoc ነው። እሱ አድራሻ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ወደ ስልክ ቢሄድም ያለ ኔትወርክ አይከፈትም። እንደነዚህ ያሉትን ወርድ ወይም ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ላፕቶፕሽ ላይ የጎግል ድራይቭ ፕሮግራም ካለም Mirror files ላይ መሆኑን እይ። Stream files ከሆነ ፋይሎቹ ላፕቶፑ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ሲንክቲንግም እነሱን ለማንበብ ሲሞክር ከኢንተርኔት ይጎትታቸዋል። ያኔ ያጠራቀምሽው ዳታ በላፕቶፑ በኩል ይወጣል።

ሜሮን
አይፎን ለያዝነውስ? እኔም አንድ ፎልደር ብቻ ነው የምፈልገው።

ዮናስ
አይፎን አፖችን ከጀርባ እንደልብ አያሠራም፤ እንዲህ ያለ ሲንክ እዚያ ይከብዳል። አይክላውድ ድራይቭ የምትጠቀሚ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሴሉላር የሚለው ገጽ ላይ የሱን ማጥፊያ ታገኛለሽ። ለሌሎቹ የሠራለት ካለ ይንገራት።

ሰላማዊት
የቤቱን ዋይፋይ አሁን metered አደረግኩት። ላፕቶፔ Stream files ላይ ነበር፤ ዮናስ፣ እግዜር ይስጥህ። ወደ Mirror መቀየሩን ግን ትምህርት ቤት ሄጄ ነው የማደርገው፤ 12 ጊጋውን እዚህ ሮውተር ላይ ማውረድ አልፈልግም።

ሐና
ወይም 400 ሜጋዋን ብቻ ከድራይቭ አውርደሽ ላፕቶፑ ላይ ለብቻዋ ፎልደር ፍጠሪላት። ከዚያ ሲንክቲንግን እሷ ላይ አድርጊ። በሳምንቱ የስልክሽን የዳታ አጠቃቀም ገጽ ክፈቺና አፑ በሞባይል ዳታ ስንት እንደበላ እይ። ከጥቂት ሜጋ በላይ ካሳየሽ አንዱ ማብሪያ ተረስቷል ማለት ነው።