ወንድሜን ትኩሳቱ አልለቀው አለ፣ «ወባ የለም» ተባልን፤ ምን ላድርግ?

የታቦሯ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ትኩሳት ይዞታል። ያንዘፈዝፈዋል፣ ከዚያ ላብ በላብ ይሆናል። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ወገቡን ይቆርጠዋል። ዛሬ ደግሞ ያስመልሰው ጀመር። ሰኞ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ጣቱን ወግተው አዩና «ወባ የለም፣ ታይፎይድ ነው» ብለው መርፌ ጀመሩለት። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ያለነው ደብረ ታቦር ነው። መርፌውን ይጨርስ ወይስ ሌላ ቦታ ልውሰደው?

ደጋው
እህቴ፣ ደብረ ታቦር ላይ ወባ? ትንኟ ራሷ ጋቢ ትጠይቃለች። የታይፎይድ መርፌ ወዲያው ለውጥ አያሳይም፣ ትንሽ ታገሡ። እኔም ክረምት ላይ ይዞኝ ሳምንት ተኝቼ ነው የተነሣሁት።

የአቸፈር እናት
ምች ነው የኔ ልጅ። ዳማከሴ ጨምቀሽ በቡና አጠጪው፣ ሰውነቱንም እሺው። ብርድ እንዳያገኘው ብቻ።

ነጋዴው
ምን ያስጨንቃል፣ ኮአርተም ገዝተሽ ስጪው። ወባ ከሆነ ይለቀዋል፣ ካልሆነም አይጎዳውም።

የላብራቶሪው ሰው
እህቴ፣ ሁለት ነገር መልሺልኝ። ባለፈው አንድ ወር ወንድምሽ ቆላ ወርዶ ነበር? ሰኞ ከመመርመሩ በፊትስ የዋጠው ክኒን አለ?

የታቦሯ
አዎ፣ መተማ ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ባለፈው ሳምንት ነው የተመለሰው። ሊመጣ ሲል እዚያም ትኩሳት ጀምሮት ነበር። ጓደኛው ከራሱ የተረፈውን የወባ ክኒን ሰጥቶት፣ ሁለት ጊዜ ውጦ ተሻለውና ተወው። ክሊኒኩ ይህን አልጠየቀንም፣ እኛም አላነሣነውም።

ነጋዴው
በቃ፣ አልኩሽ እኮ! ኮአርተም ግዢ።

ደጋው
መተማ ከነበረማ ሌላ ነገር ነው። ግን ምርመራው የለም ብሏል። ታዲያ ምርመራ ይዋሻል እንዴ?

የላብራቶሪው ሰው
አይዋሽም፣ ግን የማያየው ነገር አለ።

ጣት ተወግቶ የሚታየው ያ ትንሽ ፕላስቲክ፣ ኪት የምንለው፣ ተውሳኩን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ተውሳኩ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ከበቂ በታች ከሆነ መስመሩ አይወጣም። በግምት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ100 እስከ 200 ተውሳክ ካልደረሰ ሊያመልጠው ይችላል። ወንድምሽ የዋጠው ክኒን እንደሚመስለኝ ተውሳኩን ቀነሰው እንጂ አልጨረሰውም። ሰኞ የተመረመረው ገና መልሶ እየተራባ እያለ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የእኛን አካባቢ በቀጥታ ይመለከታል። ለብዙ ዓመታት እዚህ ስንጠቀምባቸው የነበሩት ኪቶች ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ዓይነት የሚለዩት ኤች አር ፒ 2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን የጣሉ ተውሳኮች አሉ። ሰው ያሳምማሉ፣ ይገድላሉ፣ ኪቱ ግን ምንም አያይም። ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኙ። ከዚያ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያ ጥናት መሠረት ከአሥር የፋልሲፓረም ሕመምተኞች አንዱ ያህል በዚህ ምክንያት በኪቱ ያመልጣል። ከዚያ ወዲህ በሌላ ፕሮቲን የሚሠሩ ኪቶች እየገቡ ነው። የአንቺ ክሊኒክ የቱን እንደተጠቀመ ግን ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም።

ስለዚህ ቢ ኤፍ ይሠራለት፣ ማለት ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይለት። እሱም የለም ካለ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይደገም፤ አሁንም ካልታየ ለሦስተኛ ጊዜ ይታይ። የቆላ ትኩሳት በአንድ ምርመራ «የለም» ተብሎ አይዘጋም። ቢ ኤፍ ሌላም ጥቅም አለው። ሰሊጥ ቦታ ልጆቹ አንድ መጠለያ ውስጥ ተጨናንቀው ነው የሚያድሩት። ቅማል ካለ ግርሻ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ሊኖር ይችላል፣ እሱም በዚያው መስታወት ላይ ይታያል። ኪቱ ግን ግርሻን ጨርሶ አያውቀውም።

የአቸፈር እናት
እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ወባ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ይጥላል፣ በማግስቱ ሰውየው ተነሥቶ ያርሳል። ይሄ ልጅ በየቀኑ ነው ትኩሳቱ።

የላብራቶሪው ሰው
እናቴ፣ ያዩት እውነት ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመጣል፣ በተለይ ሲቆይ። ፋልሲፓረም ግን ሥርዓት የለውም። ትኩሳቱ ሊቀጥልም፣ ሊቆራረጥም ይችላል። ሰዓቱን አይቶ ወባ አይደለም ማለት አይቻልም።

ሲስተር ነኝ
ክርክሩን ለጊዜው ተዉት። የታቦሯ፣ አሁን እያየሽው መልሺልኝ። ያለ ድጋፍ ቁጭ ማለት ይችላል? ስታናግሪው በትክክል ይመልሳል? የጠጣው ይረጋለታል? ሽንቱ ምን ይመስላል? ዓይኑ ቢጫ ሆኗል?

የታቦሯ
ቁጭ ሳደርገው ይወድቃል። ውኃም አይረጋለትም። ሽንቱ የተንተከተከ ሻይ ይመስላል፣ ውኃ ስላልጠጣ ነው ብዬ ነበር። ቅድም ደግሞ «በሬዎቹን አስገቧቸው» ይለኛል። በሬ የለንም። ትኩሳት ያናዘዘው ነው የመሰለኝ።

ሲስተር ነኝ
ነገ አይባልም፣ አሁን ሆስፒታል። ክሊኒክ አይደለም፣ ድንገተኛ ክፍል። ባጃጅ ጥሪ፣ ሰው ደግፎት ይቀመጥ። በር ላይ ገና ሳትጠየቂ «ከመተማ የመጣ ነው፣ ይቃዣል፣ ሽንቱ ጠቁሯል» በያቸው። ካርድ ለማውጣት ሌላ ሰው ይሰለፍ።

ኮአርተም በቤት የሚለውን እርሺው። ኮአርተም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር የሚዋጥ ነው። የሚያስመልሰው ሰው ሆዱ ውስጥ አይቆይም፣ አእምሮው የሳተ ሰው ደግሞ ሲውጥ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከባድ ወባ የሚታከመው በአርቴሱኔት መርፌ ነው። እንደገባ አንድ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ አንድ፣ በ24 ሰዓት ሌላ፤ ከዚያ መዋጥ እስኪችል በየቀኑ። ስኳሩን ወዲያው እንዲለኩለት ጠይቂ። ከባድ ወባ ስኳር ያወርዳል፣ የወረደ ስኳር ብቻውን ሰው ያስቃዣል፣ ያንቀጠቅጣል።

የታቦሯ
እየወጣን ነው።

መምህሩ
ይህ ነገር ለእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሣው ወባ እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንዳመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ብዙው የሞተው በረሃ ውስጥ አይደለም። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ነው፤ የእኛ ደንቢያም ክፉኛ ተመትታለች። ምክንያቱን ልብ በሉ። ዘወትር ወባ ባለበት ቦታ ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በተወሰነ ደረጃ ይለምደዋል። ደጋ ያደገ ሰው ይህ የለውም። ስለዚህ የደብረ ታቦር፣ የእስቴ፣ የጋይንት ልጅ ሰሊጥ ሊያጭድ ሲወርድ እንደ ሕፃን ነው የሚያዘው። ደጋው ደብረ ታቦር ላይ ወባ የለም ያለው እውነቱን ነው። ትንኟ የለችም፣ የተነደፈው ሰው ግን በአውቶቡስ ይመጣል። በፋልሲፓረም የተነደፈ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ማለትም ቤቱ ከገባ በኋላ። መንግሥት በመናኸሪያው ሊመረምራቸው ይገባል ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

የድሬ ልጅ
ሁሉም ነገር ግን ቆላ መውረድ አይደለም። ድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ የተነሣው በበጋ፣ ከተማው መሐል ነው። ስቴፈንሳይ የምትባለው አዲሷ ትንኝ በየግቢው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። እኔን ራሴን የያዘኝ ከሰፈሬ ሳልወጣ ነው። በርሜላችሁን ክደኑ።

ሲስተር ነኝ
እውነት ነው የድሬ ልጅ፣ የዚህ ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው።

ደጋው
አንድ ያልገባኝ አለ። በክኒኑ ምክንያት ተውሳኩ ትንሽ ስለሆነ ኪቱ አላየውም ካላችሁ፣ ትንሽ ተውሳክ እንዴት እንዲህ ያስቃዠዋል?

የላብራቶሪው ሰው
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰኞና ሐሙስ አንድ አይደሉም። ፋልሲፓረም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ በ48 ሰዓት ገደማ ሴሉን ያፈነዳዋል፤ ከአንዱ ብዙ ይወጣሉ፣ እነሱም ሌላ ሴል ይይዛሉ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቁጥሩ እጅግ ሊያሻቅብ ይችላል።

ደግሞም ከጣት የሚወጣው ደም ሁሉንም አያሳይም። ተውሳኩ የገባበት ሴል ውስጡ ያለው ሲያድግ በቀጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። አንጎል ውስጥ፣ ኩላሊት ውስጥ ይደበቃል። ያኔ ጣት ላይ ያለው ደም ጥቂት ተውሳክ እያሳየ ሰውየው በጠና ሊታመም ይችላል። ቢ ኤፍን ማታ ድገሙ የምንለውም ለዚህ ነው። ጠዋት የተደበቀው ማታ ሴሉን አፈንድቶ ሊወጣ ይችላል።

የታቦሯ
ሆስፒታል ነን። ሲገባ ስኳሩ በጣም ወርዶ ነበር፣ ወዲያው ግሉኮስ ሰጡት። የመጀመሪያው ቢ ኤፍ «አልታየም» ብሎ ነበር። ዶክተሩ ግን ከመተማ ነው ስለው የሚደገመውን ሳይጠብቅ የወባውን መርፌ አስጀመረው። አሁን ሌሊት የተደገመው ላይ ፋልሲፓረም ታይቷል። ደምም ያስፈልገው ይሆናል ብለዋል፣ የአጎቴ ልጆች መጥተዋል። አሁንም በደንብ አይናገርም። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ነጋዴው
እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው፣ ወባ ነው።

ሲስተር ነኝ
ወባ መሆኑ ላይ ልክ ነበርክ። ክኒኑን እቤት አስመልሶት ቢያድር ግን ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ደጋው
ታዲያ ኪቱ ምን ሆኖ ነው ያላየው? ያልከው ጂን ነው ወይስ ክኒኑ?

የላብራቶሪው ሰው
አሁን ይህን መለየት አይቻልም። ጂኑን ለማወቅ ደሙ በወረቀት ደርቆ ለምርምር ላብራቶሪ መላክ አለበት። ሙቀት ያበላሸው ኪትም ሊሆን ይችላል። ለሕክምናው ለውጥ የለውም።

የታቦሯ፣ ስትረጋጊ አንድ ነገር። ያ ጓደኛው ክኒኑ የተረፈው ሳይጨርስ ስላቆመ ነው። አብረውት የነበሩት ልጆች የት ናቸው? ስልካቸው ካለሽ ደውይላቸው። ትኩሳት ያለው ሁሉ ነገ ጠዋት ቢ ኤፍ ይታይ፣ «ኪት ታይቼ የለም ተብያለሁ» ያለውም ጭምር።

የታቦሯ
ሁለቱ እስቴ ገብተዋል። አንዱ እዚያው መተማ ቀርቷል፣ ስልኩ አይሠራም።

መምህሩ
የእስቴዎቹን ስማቸውንና ቀበሌያቸውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ እዚያ የማውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለ። መተማ የቀረውን የሚያውቅ ሰው ካለ እዚህ ይጻፍ።