ብዙ ሩዝ በቶሎ ማቀዝቀዝ አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ለሠራተኞች ምሳ እየሠራሁ አቀርባለሁ። ሩዙን ማታ ቀቅዬ፣ በማግስቱ ከአትክልት ጋር አሙቄ ነው የምልከው። ጠዋት ልቀቅል ብል አይደርስልኝም።

የጨነቀኝ ማቀዝቀዙ ነው። ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ስፖሩ ፈልቶም አይሞትም። ሩዙ ለብ እንዳለ ከቆየ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ያ መርዝ በማግስቱ ቢሞቅም አይጠፋም፤ ሽታው ላይም ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ እንፋሎቱ እስኪወጣ ባሞቀውም አያድነኝም። በ1 ሰዓት፣ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ በርዶ ፍሪጅ መግባት አለበት።

ድስቱን ከፍቼ ሳስቀምጠው ላዩ ይበርዳል፤ መሃሉን በጭልፋ ስገልጠው ግን ገና ይጨሳል። ሰፊ ትሪ ላይ አሳስቼ ስዘረጋው በደንብ ይበርዳል። ግን ትሪዎቹ ፍሪጄ ውስጥ አይገቡም! ወደ ጎድጓዳ ዕቃ መልሼ ስከምረው ደግሞ መሃሉ ሙቀት ይዞ እንዳያድር እሰጋለሁ።

በብዛት የምታበስሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ንገሩኝ። በትንንሽ ጠፍጣፋ ዕቃ ከፋፍሎ በረዶ ያለበት ውሃ ላይ ማስቀመጥ ለዚህ ሁሉ ሩዝ ይሆናል? በቧንቧ ውሃ አለቅልቁት የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ያልፈላ ውሃ የበሰለ ምግብ ላይ ማፍሰስ አልወደድኩትም። ደግሞስ ሌሊት መብራት ከጠፋ፣ ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በላይ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ጠዋት በምን አውቃለሁ?