አለቃዬን በማመልከቻው ላይ እንዴት ልጥራው?

ለእህቴ ሰርግ ሐሙስና አርብ ፈቃድ እፈልጋለሁ። ከቅርብ አለቃዬ ጋር እኩያ ነን፤ የምንጠራራውም «አንተ» እየተባባልን ነው። ስለዚህ በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ላኩለት፦

«ሰላም፣ ሐሙስና አርብ የእህቴ ሰርግ ስላለ አልገባም። ሰው ይሸፍንልኛል፣ ችግር የለውም አይደል?»

እሱ አልከፋውም። ግን ለሰው ሀብት በግልባጭ የሚሄድ ማመልከቻ አድርጌ እንድጽፈው ነገረኝ። ልክ ነው፤ መልእክቱ መቅረቴን ያሳውቃል እንጂ ፈቃድ አይጠይቅም። ማን እንደሚሸፍንልኝም አይናገርም።

ቀጥሎ የሞከርኩት «ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ» የሚል ነበር። ለሁለት ቀን ፈቃድ ይህ በጣም በዛ። የሚገባኝን ፈቃድ እንደ ምጽዋት የምለምን አስመሰለው።

አሁን እዚህ ደርሻለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ

በእህቴ ሰርግ ምክንያት ሐሙስና አርብ ከዓመት ፈቃዴ ላይ ታስቦ የሁለት ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሳምንቱን ሪፖርት ረቡዕ አስረክባለሁ። አስቸኳይ ሥራ ቢመጣ አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ልትሸፍንልኝ ተስማምታለች። ሰኞ ወደ ሥራ እመለሳለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ይዘቱ የተሟላ ይመስለኛል። «እንዲሰጠኝ» ማለቴም «አንተ» ወይም «እርስዎ» ከማለት አድኖኛል። የተቸገርኩት ልጨምራት በፈለግኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቀኑ ለሥራው የማይመች ከሆነ አስቀድሞ እንዲነግረኝ። «ብታሳውቀኝ» ለማመልከቻ ክብደት ያንሰዋል። «ቢያሳውቁኝ» ደግሞ በመካከላችን ያልነበረ ርቀት የሚፈጥር ይመስለኛል።

ሰው ሀብት በሚያየው ማመልከቻ ላይ፣ በየቀኑ «አንተ» የምለውን አለቃ «ቢያሳውቁኝ» ልበለው ወይስ «አስቀድሞ እንዲገለጽልኝ» ብዬ ልለፈው?