ከመምህርነት ወደ ሶፍትዌር ቴስተርነት፦ ሲቪዬ ላይ ማስተማሩን የት ላስቀምጠው?

ሰላም፣ ደሴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ለጀማሪ የሶፍትዌር ቴስተር ሥራ እያመለከትኩ ነው። ማስተማሩን በአንድ መስመር ሳሳጥረው «ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» እባላለሁ። በሰፊው ስጽፈው ደግሞ የመምህር ሲቪ ሆኖ ያርፋል። የሥራ መደቡን ስም መቀየር አልፈልግም፤ ቀጣሪው ትምህርት ቤቱ ጋ ቢደውል ወዲያው ይታወቃል።

ስለዚህ ከ«መምህር» ሥር ከቴስተር ሥራ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ማስፈር ጀመርኩ። ለምሳሌ ሮስተር የምንሠራው በኤክሴል ነው። ከ10 የትምህርት ዓይነት በ9ኙ 80፣ 80 ያመጣና አንዱን ያልተፈተነ ተማሪ ሳጥኑ ባዶ ከተተወ፣ `AVERAGE` ባዶውን ዘልሎ ለ9 ያካፍልና 80 ይሰጠዋል። በትምህርት ቤቱ ደንብ ግን ድምሩ 720 ለ10 ተካፍሎ 72 ነው መውጣት ያለበት። ፋይሉ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም፤ የሚያስታውቀው የተማሪው ደረጃ ያለ አግባብ ከፍ ማለቱ ነው። ይህንን በባግ ሪፖርት መልክ ጽፌዋለሁ፦ ችግሩን እንደገና ለማየት የሚያስፈልጉት እርምጃዎች፣ የሚጠበቀው 72፣ የታየው 80። የተማሪዎቹን ስምና ውጤት በፈጠራ ዳታ ተክቻለሁ።

ቴስተር የምትቀጥሩ ወይም በዚሁ መንገድ ያለፋችሁ፣ ይህ ሪፖርት ከ«መምህር» ሥር እንደ ሥራ ልምድ ይቀመጥ ወይስ «ፕሮጀክት» በሚል ለብቻው ከሥራ ልምዱ በላይ ይቅደም?