ቢዝነስ ካርዴ ተጨናነቀብኝ፣ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል

የፒያሳዋ ባለሱቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ፣ ፋይሉን እስከ 11 ሰዓት ላኪ ተብያለሁ። የሱቁ ስም፣ የኔ ስም፣ «ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ»፣ ሁለት ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ የልብሶቹ ዝርዝር፣ ከሥሩ የፋሲል ግንብ ፎቶ አለ። ምንም አይነበብም። ምን ይሻላል?

የአዘዞ ልጅ፦ ቀላል ነው እህቴ። ፊደሉን ወደ 6 አውርጂው፣ ሁሉም ይገባል።

ጋሻው፦ በዚህ ዘመን ካርድ ምን ያደርጋል? ደንበኛው ስልክሽን ይመዝግብ። ብሩን ጨርቅ ግዢበት።

የፒያሳዋ ባለሱቅ፦ ወንድሜ፣ ለጥምቀት የመጣ እንግዳ በዚያ ግርግር ቆሞ ስልክ አይመዘግብም። ካርዱን ኪሱ ከቶ ይሄድና አገሩ ገብቶ ይደውላል።

ቀለምና ወረቀት፦ እህት ዓለም፣ 6 እንዳታደርጊው። እንግሊዝኛ በ6 ይነበብ ይሆናል፣ የኛ ፊደል ግን እግሩና ቀለበቱ ብዙ ነው። «ጩ» እና «ሿ» በዚያ መጠን ሲታተሙ ቀለም ይሞላቸዋል። ከ8 አትውረጂ፣ ጽሑፉን ቀንሺ።

ካርዱ 9 በ5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከአራቱም ጠርዝ 5 ሚሊ ባዶ ተዪ። መቁረጫው ትንሽ ቢያዛባ ፊደል አይነካም። የሚቀርሽ 8 በ4 ነው፣ አምስት መስመር ይበቃዋል። የሱቁን ስም በ14 ጻፊና ትንሽ ክፍተት ስጪው። ቀጥሎ ስምሽ በ11፣ ከሥሩ ተጠግቶ «ባለቤት» በ8። ባለቤት ካልሽ ሥራ አስኪያጅ አያስፈልግም። ከዚያ ሰፋ ያለ ክፍተት፣ ቀጥሎ ስልክ በ10። አሥሩን አሃዝ አታያይዢው፣ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ለይው፣ ሲደውሉ አይሳሳቱም። ቴሌግራሙ በዚያው ስልክ ከሆነ ምልክቱን ብቻ ጎኑ አድርጊ። በመጨረሻ አድራሻ በ8። በቀበሌ ሱቅ የሚያገኝ እንግዳ የለም፣ «ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ» ዓይነት ጻፊ። ፎቶውና የልብሶቹ ዝርዝር ወደ ጀርባ ይሂዱ።

የማራኪዋ ልብስ ሰፊ፦ ጀርባውን ለመጻፊያ ባዶ ብትተዪው ይሻላል። እኔ ፊትና ጀርባውን የሚያብለጨልጭ ላሚኔት አስደረግሁት። ልኬትና የቀጠሮ ቀን ልጽፍበት ስል እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ።

የአዘዞ ልጅ፦ 6 ካነሰ 7 አድርጊው።

የፒያሳዋ ባለሱቅ፦ ዝርዝሩን አወጣሁት፣ አሁን ተነፈሰ። ግን አንዱ ስልክ የባለቤቴ ነው። እሱን ላውጣው?

ቀለምና ወረቀት፦ ሱቅ ውስጥ ሁሌ የሚነሳው አንዱ ይበቃል።

ጋሻው፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁለተኛው ያድናል። እኩል መጠን አድርገሽ በአንድ መስመር ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።

ቀለምና ወረቀት፦ በ10 ጎን ለጎን ይገባሉ፣ ሞክሪው። ከመላክሽ በፊት በተራ ወረቀት በመቶ ፐርሰንት አትመሽ በመቀስ ቁረጪው። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ስጪና ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ አድርጊ። ከተንተባተበ አንዱን አውጪ።