የተመለሰ ዕቃ ኮሚሽን፦ ለድርጅቱ የሚገባው ደብዳቤ

ጌታሁን (ደብረ ብርሃን)፦ ደብዳቤው እስከ ዓርብ ይግባ ተብሏል። ረቂቁ ይኸው። ዕቃ ሲመለስ ከእኛ ከሻጮቹ የሚቆረጠው የዚያው ዕቃ ኮሚሽን ብቻ ይሁን። ዕቃው ከፋብሪካው ተበላሽቶ ከመጣ እኛን አይመለከተንም። ከተሸጠ 30 ቀን ካለፈው ደግሞ ወደ ኋላ አይኬድ። እኔን ያደረጉኝን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሰለሞን፦ ምን ረቂቅ ያስፈልጋል? ሕጉ ከደመወዝ ሲሶ በላይ አይቆረጥም ይላል። መልሰው መውሰድ አይችሉም፣ አለቀ። ውሎቹን እኔ ሰብስቤ ኮፒ አደርጋለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ አላለቀም። አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ሲሶ የሚለው በአንድ ጊዜ ስለሚቆረጠው ነው። የተረፈውን በሚቀጥለው ወር ይወስዱታል። ከዚያ በፊት ግን መቁረጡ ራሱ መሠረት ይፈልጋል፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም አንተ በጽሑፍ የፈረምከው። ስለዚህ ውሉ ላይ ስለ ተመላሽ ምን ፈርመናል? ሌላው ደግሞ አንቀጽ 53 ኮሚሽንን ደመወዝ አይለውም። ከመጪው ኮሚሽን ላይ ካቻቻሉት «የሲሶው ገደብ አይመለከተንም» ይሉናል።

እመቤት (መሐል ሜዳ)፦ እኔም ፍሪጅ ገዝቼ በሩ አልገጥም ብሎ መልሼ ብሬን ከልክለውኛል። ይሄም ይግባ።

ጌታሁን፦ እሙ፣ አንቺ እዚያ ገዢ ነሽ። እዚህ ስለ ሻጭ ነው የምናወራው።

ጋሽ ታደሰ፦ የጌታሁንን ሒሳብ ልጻፈው፣ አለቃውም የሚገባው በቁጥር ነው። ሁለት ፓምፕ ሸጠ፣ እያንዳንዱ 60,000 ብር። በ2 በመቶ ኮሚሽኑ 2,400 ሆነ። ደመወዙ 7,000 ስለሆነ ግብሩ 600 ሄዶ 1,800 እጁ ገባ። ገበሬው አንዱን መለሰ። መቆረጥ የነበረበት 1,200 ነው፤ እሱም ከግብር በፊት ካለው ገቢ ላይ። ያኔ ግብሩም አብሮ ይቀንስና ከእጁ የሚወጣው 900 ገደማ ይሆናል። እነሱ ግን ሙሉውን 2,400 ግብር ከተከፈለበት ደመወዙ ላይ አወረዱት። የ7,000 ሲሶ 2,333 ነው፣ እሱንም አልፈዋል። እጁ ያልገባውን ግብር ጭምር ከፈለላቸው ማለት ነው።

ሀብታሙ፦ ሁሉም ጥሩ። ማን ነው መጀመሪያ የሚፈርመው?

ጌታሁን፦ በሀሁ ተራ።

ሀብታሙ፦ አሃ! እኔ ልቅደምላችሁ? መጀመሪያ የፈረመ አነሳሽ ተብሎ ነው የሚባረረው። አልፈርምም።

ሰለሞን፦ ከኋላ እንጀምር።

ፍቅርተ (ሸዋ ሮቢት)፦ ከኋላ ሲጀመር እኔ ነኝ። ቀልደኛ።

እመቤት፦ በክብ እንፈርም። መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።

ሀብታሙ፦ ክቡ ላይም አናት ላይ የሚውል ስም አለ።

ጌታሁን፦ እናንተ ሰዎች! እኔ 2,400 ብር ተበልቼ ስለ ክብ ታወራላችሁ?

ሀብታሙ፦ አንተ ስለተበላህ እኔ ልባረር? አትጩህብኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ ተው ልጆች። በማኅበሩ ማኅተም ይውጣ፣ ስም አያስፈልግም።

ፍቅርተ፦ ማኅተሙ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። ሊቀመንበሩ ለቅሶ ሄዷል።

ጌታሁን፦ 🤦

ሀብታሙ፦ እሺ፣ ተቆጥቼ ነው። ሲመለስ በማኅተም ከሆነ እኔም አለሁ።

ፍቅርተ፦ እኔ ግን ረቂቁ ላይ አንድ ነገር አለኝ። ጌታሁን፣ አትቀየመኝና ያ ፓምፕ አልተበላሸም። እኔ ቀወት ሄጄ አይቼዋለሁ። የገበሬው ጉድጓድ 11 ሜትር ነው። ካርቶኑ ላይ 30 ሜትር ይላል፣ እሱ ግን ወደ ላይ የሚገፋበት ነው። ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ከታች የሚስበው ከ7 ሜትር ብዙም አይዘልም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቱቦው አየር ይውጣል፣ ውሃ የለም። ገበሬው «ተበላሽቷል» ብሎ ነው ያመጣው። አለቃው ሁለተኛውን ነጥብ ሲያይ ይሄን ያነሳብሃል።

ጌታሁን፦ ጉድጓዱን አሳዩኝ ብዬ ነበር፣ መጓጓዣ ማን ይከፍላል? ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን ወርጄ በራሴ ኪስ ልሂድ?

ፍቅርተ፦ ይኸው ነው ነገሩ። ጥልቀቱን ሳንለካ እንድንሸጥ እየገፉን፣ ሲመለስ ከእኛ ይቆርጣሉ።

ሀብታሙ፦ ታዲያ የመጓጓዣ አበል እንጠይቃ! ይሄን ሁሉም ይፈርማል።

እመቤት፦ እኔም። መሐል ሜዳ ሩቅ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ አበሉ ይግባ፣ ግን የግብሩ ነጥብ እንዳይወጣ። በጽሑፍ ያልተስማማንበት መቁረጥ የሚለውም ከላይ ይሁን።

ሀብታሙ፦ ጋሼ፣ ያቺ የሒሳብ ክፍል ረዘመች። እሷን አባሪ እናድርጋት። አበሉ አንደኛ ይሁን።

ጌታሁን፦ 30 ቀኑስ?

ፍቅርተ፦ ለፓምፕ 30 ቀን አይሆንም። ክረምት የተገዛ የሚሞከረው ዝናቡ ሲያባራ ነው። አለቃው አይቀበለውም።

ጌታሁን፦ ስለዚህ የእኔ ጉዳይ አባሪ ሆነ ማለት ነው?

እመቤት፦ አባሪም ይነበባል።

ጋሽ ታደሰ፦ ውሎቹ የታሉ? ሰለሞን እሰበስባለሁ ብሎ ነበር።

ሀብታሙ፦ ደወልኩለት፣ አያነሳም። እስከ ሐሙስ ያላችሁ የየራሳችሁን ፎቶ አንስታችሁ ለጋሼ ላኩ።

ጋሽ ታደሰ፦ አራተኛው ገጽ በደንብ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱት፤ ስለ ተመላሽ የተጻፈ ካለ እዚያ ነው የሚገኘው። የእኔ ውል ላይ ምንም የለም።