ኤክሳይዝ ታክስ ለምን ለብቻው ይጣላል?

ሰላም (ጠያቂ)፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ። በሲጋራ፣ በአልኮልና በነዳጅ ላይ መጀመሪያ ኤክሳይዝ ይጨመራል፤ ከዚያም በድምሩ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል። ይህ ስህተት ነው? በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የተጨማሪ እሴት ታክሱን መጣኔ ብቻ ከፍ ማድረግስ አይበቃም ነበር?

ደረጀ፦ ስህተት የለበትም፤ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ቅደም ተከተል ነው። ምክንያቱ ግን ገቢ ብቻ ነው። ዋጋቸው ቢንርም ሰው ስለማይተዋቸው ለመንግሥት አስተማማኝ የገቢ ምንጭ ናቸው።

መዓዛ፦ አቶ ደረጀ በቅደም ተከተሉ ልክ ነዎት፤ “አይተዋቸውም” የሚለው ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ዋጋ ሲጨምር የሲጋራ ፍጆታ ከዋጋው ባነሰ መጠን ይቀንሳል፤ ገቢውም ፍጆታውም በአንድ ጊዜ የሚነኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከተለው ዋጋን ነው፤ ጉዳቱ ግን ከዋጋ ጋር አይሄድም፤ ርካሹ ሲጋራ ሳንባን የሚጎዳው ከውዱ ባላነሰ ነው። የፋብሪካ ዋጋቸው 20 እና 60 የሆኑ ሁለት ፓኮዎችን እንውሰድ። ኤክሳይዙ 50 በመቶ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 10 በመቶ ቢሆን 33 እና 99 ይሸጣሉ። ኤክሳይዙ በመቶኛ መሆኑ ቀርቶ በፓኮ 20 ቢሆን ግን ዋጋቸው 44 እና 88 ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ66 ወደ 44 ስለሚጠብብ፣ አጫሹ ወደ ርካሹ ዞሮ ከታክሱ የሚያመልጥበት መንገድ ይጠብባል።

በነዳጅ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ አጓጓዥ በግዢ የከፈለውን ታክስ ብዙውን ጊዜ ከሚከፍለው ላይ ስለሚያቀናንስ፣ መጣኔው ቢጨምርም መንገዱን የሚጎዳው ከባድ መኪና ሸክሙን አይሸከምም። ኤክሳይዝ ግን አይቀናነስም፤ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ ሁለቱን ለይተው ይያዙ።

ተክሉ፦ እኔ ሽቶ አመርታለሁ፤ በምገዛው አልኮል ላይም ኤክሳይዝ ጠየቁኝ። ይህ ተገቢ ነው?

መዓዛ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከጥያቄው ይለያል። እንዳይጠጣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት አልኮል በብዙ አገሮች ከኤክሳይዝ ነፃ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግዢው በፊት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ፈቃድዎን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ደረጀ፦ ወይዘሮ መዓዛ፣ በቁጥር የተወሰነ ኤክሳይዝ በዋጋ ንረት አይበላም?

መዓዛ፦ ይበላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በቤንዚን ላይ የሚጥለው ታክስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ ዋጋ ሁሉ ሲያድግ እርሱ ባለበት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ እንዲከለስ በሕግ ማሰር ይገባል ባይ ነኝ።

ሰላም፦ አሁን ሁለቱን ለይቼ እይዛለሁ። ኤክሳይዙ ቢከለስ ኮንትሮባንድ አይስፋፋም?

መዓዛ፦ ሊስፋፋ ይችላል። የጎረቤት አገር ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነና የድንበር ቁጥጥሩ ከላላ አደጋው ይጨምራል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋ ግን በባለሙያዎች መካከልም ስምምነት የለም።